ከሳምንት ዝምታ በኋላ የሚጻፍ ሁለተኛ ደብዳቤ

የመጀመሪያውን ደብዳቤ መጻፍ ብዙ ሰው ያውቅበታል፤ ከባዱ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ጉዳዩን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው ግን ጉዳዩንና በመካከል ያለፈውን ዝምታ አንድ ላይ ተሸክሞ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ ጸሐፊው አንድም ክፉ ቃል ሳያኖርበት ተቀባዩ በመስመሮቹ መካከል ወቀሳ ያገኝበታል። በዚህም ምክንያት አንዳንዱ ሰው ቶሎ ተቈጥቶ ይጽፍና ወዳጁን ያጣል፤ ሌላው ደግሞ «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ይቀመጥና ጉዳዩን ያጣል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ነው። ለምሳሌ የምንወስደውም ከአዲስ አበባ ወደ ጁባ የሚሄደውን ደብዳቤ ነው። ጁባን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የሱዳን የሰላም ስምምነት በ1997 ዓ.ም. ከተፈረመ ወዲህ፥ በተለይም ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነጻነቷን ካወጀች በኋላ፥ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በዚያች ከተማ በሆቴል፥ በምግብ ቤትና በልዩ ልዩ ንግድ ተሠማርተው ኖረዋል። በአገር ቤት ያለው ቤተሰብም በርበሬ፥ ሽሮና ልብስ እያዘጋጀ ይልክላቸዋል፤ ዋጋ ይጻጻፋል፤ መልስም ይጠብቃል። የጁባ ዝምታ ደግሞ ከሌላው ከተማ ዝምታ ይልቅ ብዙ ምክንያት ያለው ስለ ሆነ፥ በእርሱ ላይ የተለማመደ ሰው በማንኛውም ስፍራ ሁለተኛ ደብዳቤ ለመጻፍ አይቸገርም።

ሳምንቱን መቍጠር

ከሁሉ አስቀድሞ የሚገባው ነገር ብዕር ከማንሣት በፊት ሳምንቱን በትክክል መቍጠር ነው። ሰባት ቀን አለፈ ማለት ተቀባዩ ለመልስ ሰባት ቀን ነበረው ማለት አይደለም።

ለምሳሌ ይሆነን ዘንድ አንዲት የባልትና ዕቃ አዘጋጅ በአዲስ አበባ አለች እንበል። በጁባ ላለ ለአንድ ሆቴል ዕቃ የሚገዛ ኢትዮጵያዊ በቴሌፎን ዋጋ ጠይቋት፥ ዓርብ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ የበርበሬና የሽሮ ዋጋ ጽፋ ላከችለት። ዓርብ ታኅሣሥ 18 ቀን ድረስ መልስ አልመጣም። ሴትዮዋ «ሳምንት ሙሉ ዝም አለኝ» ትላለች። እስቲ በጁባ ሆነን ደግሞ እንቍጠረው። ደብዳቤው በዓርብ ማምሻ ደረሰ። ቅዳሜና እሑድ ጽሕፈት ቤቶች የሚዘጉባቸው ቀኖች ናቸው። ሰኞና ማክሰኞ የሥራ ቀኖች ነበሩ። ረቡዕ ታኅሣሥ 16 ቀን በፈረንጆች አቈጣጠር ዲሴምበር 25 ሲሆን፥ ጁባ የልደትን በዓል የምታከብረው በዚያ ቀን ነው፤ በእኛ አገር ግን ታኅሣሥ 29 ቀን ገና ሁለት ሳምንት ያህል የሚቀረው ስለ ነበር፥ ሴትዮዋ ረቡዕን እንደ ተራ የሥራ ቀን ቈጥራዋለች። እንግዲህ ሰውየው በእርግጥ ሊሠራባቸው የሚችላቸው ሙሉ ቀኖች ከበዓሉ በፊት ሁለት፥ ከበዓሉም በኋላ አንድ ቢሆኑ ነው። የበዓል ሰሞን ደግሞ ለሆቴል ሰው ከሌላው ጊዜ ይልቅ ሥራ የሚበዛበት መሆኑን መርሳት አይገባም።

ሁለቱ አገሮች የሚለያዩት በዘመን አቈጣጠር ብቻ አይደለም። ደቡብ ሱዳን ከጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለ መለሰች፥ በአዲስ አበባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን በጁባ ገና 2 ሰዓት ነው። በዚህ ላይ በጁባ እንደ ፈረንጆች ደንብ ይኸው ጊዜ «8 ሰዓት» ተብሎ ይጠራል። «ማክሰኞ በ8 ሰዓት እደውላለሁ» የሚል መልእክት አንዱ ለማለዳ፥ ሌላው ለከሰዓት በኋላ ሊተረጕመው ይችላልና፥ ብዙ ጊዜ ዝምታ የሚመስለው ነገር ሁለት ሰዎች በሁለት ልዩ ልዩ ሰዓት ሲጠባበቁ መዋላቸው ነው። ስለዚህ ወደ ጁባ የሚጻፍ ቀን በሁለቱም አቈጣጠር፥ ሰዓቱም «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት በኋላ» ተብሎ ቢጻፍ መልካም ነው።

በዚህ ቍጥር መሠረት ለሴትዮዋ የሚመቸው ቀን ሰኞ ታኅሣሥ 21 ነው። ዓርብ ማምሻ የደረሰ ማስታወሻ በቅዳሜና በእሑድ ሥር ይቀበራል፤ ረቡዕ ታኅሣሥ 23 ደግሞ የፈረንጆች አዲስ ዓመት ነው። ሰኞ ከጠዋቱ በ4 ሰዓት ከአዲስ አበባ የተላከ ደብዳቤ ግን በጁባ ከጠዋቱ በ3 ሰዓት፥ ሰውየው ሥራውን በሚጀምርበት ጊዜ ይደርሰዋል።

ዝምታው ከምን እንደሚመጣ

ሁለተኛው ነገር የዝምታውን ምክንያት በልብ አስፍቶ ማሰብ ነው። ይህንንም የምንለው ለተቀባዩ ሰበብ ለመፈለግ ሳይሆን፥ ጸሐፊው በማያውቀው ነገር ላይ ተመሥርቶ እንዳይጽፍ ነው።

በጁባ መብራት ለብዙ ዓመታት የሚገኘው እያንዳንዱ ቤት በየግሉ ከሚያስነሣው ጄኔሬተር ነበር። በኅዳር 2012 ዓ.ም. አንድ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ተመርቆ ለከተማው ክፍል ብርሃን መስጠት ቢጀምርም፥ ቴሌፎኑ ኃይል አልቆበት የሚውል ሰው ዛሬም ብርቅ አይደለም። የቴሌፎን መሥመርም ቢሆን ሁልጊዜ የሚታመን አልነበረም። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ቪቫሴል የተባለው የቴሌፎን ኩባንያ ከመንግሥት ጋር በፈቃድ ክፍያ ምክንያት ባለመስማማቱ ሲዘጋ፥ የደንበኞቹ ቍጥሮች ሁሉ ድምፅ አጥተው ቀርተዋል። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክና ቲክቶክ በመንግሥት ትእዛዝ ለጥቂት ቀኖች ተዘግተው ነበር። በእነዚያ ቀኖች በፌስቡክ የተላከ ማስታወሻ ያልተመለሰለት ሰው በወዳጁ ላይ ቢያዝን ኀዘኑ ከንቱ በሆነ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ሳይነገር የሚቀረው የገንዘብ ምክንያት ነው። በ2016 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳንን ነዳጅ በሱዳን በኩል ወደ ባሕር የሚያወጣው ቧንቧ ተሰብሮ የነዳጁ ሽያጭ እጅግ ስለ ቀነሰ፥ የአገሩ ፓውንድ በዶላር ፊት ዋጋው ወረደ፤ የመንግሥት ሠራተኞችም ለብዙ ወራት ደመወዝ ሳያገኙ ቈይተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ለሆቴል ዕቃ የሚገዛ ሰው የተጠየቀውን ዋጋ ወድዶት ሳለ ዶላሩን እስኪያገኝ ድረስ ዝም ሊል ይችላል። «ገንዘብ የለኝም» ብሎ መጻፍ ያሳፍረዋል፤ «አልፈልግም» ብሎ መጻፍም እውነት አይሆንም። ስለዚህ አንዳች ሳይጽፍ ይቀራል። ሁለተኛው ደብዳቤ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብለት የሚገባው ይህን በእፍረትና በፈቃድ መካከል የቆመውን ሰው ነው።

እንደ ሰይፍ የሚቈርጡ ትንንሽ ቃላት

አሁን ሴትዮዋ ዓርብ ማታ በብስጭት ልትጽፈው የምትችለውን ደብዳቤ እንመልከት፦

«ባለፈው ሳምንት የላክሁልዎትን ዋጋ አይተው ዝም ብለዋል። ሥራ በዝቶብዎት ይሆናል በማለት በትዕግሥት ጠብቄአለሁ። ሆኖም እስካሁን ድረስ አንዳች መልስ አልሰጡኝም። የማይፈልጉት ከሆነ ቢያንስ ይንገሩኝ። አስቸኳይ መልስዎን እጠብቃለሁ።»

ይህ ደብዳቤ ስድብ የለበትም፤ እንዲያውም ሰውየውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «እርስዎ» ብሎ ያከብረዋል። ዳሩ ግን አንባቢው ሲጨርሰው ተከስሶ ችሎት የቆመ ያህል ይሰማዋል። ምክንያቱን ቃል በቃል ብንመረምር እንዲህ ነው።

«አይተው» የሚለው ቃል ጸሐፊዋ የማታውቀውን ነገር እንደምታውቅ አድርጎ ይናገራል። ሰውየው አይቶ ይሁን ሳያይ ገና አልተረጋገጠም። «በትዕግሥት ጠብቄአለሁ» ማለት ትዕግሥትን እንደ ዕዳ መመዝገብ ነው፤ ታጋሽ ሰው ትዕግሥቱን አይቈጥርም። «እስካሁን ድረስ» የተባለው ሐረግ ብቻውን ምንም አይደለም፥ ከ«አልሰጡኝም» ጋር ሲገናኝ ግን መልሱ መድረስ ከሚገባው ቀን አልፏል የሚል ፍርድ ይሆናል። ከሁሉ የሚያቈስለው «ቢያንስ» ነው። ይህች ትንሽ ቃል ሰውየው ከጨዋነት የመጨረሻውን ትንሽ ነገር እንኳ እንዳላደረገ ትናገራለች። «ሥራ በዝቶብዎት ይሆናል» የሚለውም ቸርነት ይመስላል፤ ነገር ግን ከወቀሳ ጋር ተጣምሮ ሲነበብ፥ ለሰው ሰበብ አበጅቶ ሰበቡን መልሶ የሚነጥቅ አሽሙር ይሆናል።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። ከአክብሮት ብዛት «ስለማስቸግርዎ እጅግ ይቅርታ፥ ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅር ይበሉኝ፥ እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ» እያሉ መጻፍ ትሕትና ይመስላል እንጂ ለተቀባዩ ሸክም ነው። ሰውየው ዋጋውን ከመመለሱ በፊት ጸሐፊዋን ማጽናናት ይኖርበታል። ደግሞም ሦስት ጊዜ ይቅርታ የጠየቀ ሰው ሌላው አንድ ጊዜ እንኳ ይቅርታ እንዳልጠየቀ ያስታውሳል። ስለዚህ ይቅርታው ካስፈለገ አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ካላስፈለገ ይቅር።

አንድ ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር የአጠራሩ መለወጥ ነው። በመጀመሪያው ደብዳቤ «ለተወደዱ ጋሼ እገሌ» ተብሎ ተጽፎ በሁለተኛው «ለአቶ እገሌ» ከተባለ፥ ከዚያ በታች የተጻፈው ሁሉ የቱንም ያህል ቢለሰልስ ሰውየው ቅያሜውን ከመጀመሪያው መስመር ይረዳዋል። «እርስዎ» የነበረውን «ድርጅትዎ» ማለትም እንዲሁ ነው። እንግዲህ በመጀመሪያው ደብዳቤ የተጠቀሙበት አጠራር በሁለተኛውም ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት ሊመለስ ይገባዋል።

ደብዳቤው እንዴት ይጻፍ

በአሳባችን የሁለተኛ ደብዳቤ ሥራ «ለምን ዝም አሉ» ብሎ መጠየቅ ሳይሆን ለሰውየው መልስ መስጠትን ማቅለል ነው። ይህን ሕግ የያዘ ሰው ቃላቱ ራሳቸው ይመጡለታል። ሴትዮዋ ሰኞ ጠዋት የምትጽፈው ደብዳቤ እንደሚከተለው ሊሆን ይችላል፦

«ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ታኅሣሥ 11 ቀን (ዲሴምበር 20) የላክሁልዎት ዋጋ በበዓሉ ሰሞን ከሌሎች መልእክቶች ጋር ተደባልቆ እንደ ሆነ ብዬ፥ ፍለጋ እንዳያደክምዎ ከዚህ በታች ሙሉውን ደግሜዋለሁ፤ 100 ኪሎ በርበሬና 60 ኪሎ ሽሮ ከነዋጋቸው ተጽፈዋል። ለጊዜው የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በርበሬው 100 ኪሎ ይሁን ወይስ ይቀነስ? በርበሬውን የሚሸጥልኝ ነጋዴ በዚህ ዋጋ የሚያቈይልኝ እስከ ጥር 5 ቀን (ጃንዋሪ 13) ድረስ ነው። ለአሁኑ የማይመችዎ ቢሆን «ይቈየን» የሚል ቃል ይበቃኛል፤ በርበሬውን ለሌላ አሳልፌ፥ በሚመችዎ ጊዜ አዲስ ዋጋ እልክልዎታለሁ። አክባሪዎ።»

ይህ ደብዳቤ ከፊተኛው የሚለየው በምንድን ነው? በመጀመሪያ ጥፋት ካለ በሰውየው ላይ ሳይሆን በደብዳቤው ላይ ጥሎታል። «ተደባልቆ እንደ ሆነ» ሲል የጠፋው ወረቀቱ ነው እንጂ ሰውየው አልጠፋም። ሰውየው ደብዳቤውን አይቶ ዝም ብሎ ከነበረም በዚህ በር ሳያፍር ሊገባ ይችላል።

ሁለተኛ፥ የፊተኛውን ደብዳቤ ሙሉ በሙሉ ተሸክሞ መጥቷል። «በፊት የጻፍሁትን ይመልከቱ» የሚል ማስታወሻ ተቀባዩን ለፍለጋ ይልከዋል፤ ፍለጋውም ለነገ ይቀጠራል። በኢሜይል የሚጻፍ ከሆነ ከፊተኛው ደብዳቤ ሥር አስከትሎ መላክ፥ በዋትሳፕ ከሆነ ግን ዋጋውን እንደ አዲስ መጻፍ የተሻለ ነው።

ሦስተኛ፥ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መልሱም ቆሞ ሳለ በአንድ ቃል ሊሰጥ የሚችል ነው። «አሳብዎን ይግለጹልኝ» የሚል ጥያቄ ተቀምጦ ማሰብን ይጠይቃል። «100 ይሁን ወይስ ይቀነስ» የሚለው ግን ሆቴሉ ደጅ ላይ የቆመ ሰው እንኳ የሚመልሰው ነው። በዚህም ላይ ገንዘብ ላጠረው ሰው «ይቀነስ» የሚለው ቃል ችግሩን ሳይናገር የሚወጣበት መንገድ ይሆነዋል።

አራተኛ፥ ቀኑ የተቈረጠው በጸሐፊዋ ጉዳይ ነው። «እስከ ጥር 5 ድረስ እንዲመልሱልኝ» ማለት ለሰውየው ትእዛዝ ነው፤ «ነጋዴው የሚያቈይልኝ እስከ ጥር 5 ድረስ ነው» ማለት ግን ወሬ መንገር ነው፤ ሰውየውም ውሳኔውን ራሱ ያደርጋል። እዚህ ላይ አጥብቀን የምናሳስበው ቀኑ እውነተኛ መሆን እንዳለበት ነው። ነጋዴው ምንም ቀን ሳይሰጥ ሴትዮዋ ከራሷ ፈጥራ ብትጽፍና ቀኑ ካለፈ በኋላ በዚያው ዋጋ ብትሸጥ፥ ከዚያ ወዲህ የምትጽፈውን ቀን ማንም አያምናትም።

በመጨረሻም ደብዳቤው ለእምቢታ በር ከፍቷል። «አይሆንም» የሚለውን ቃል ለሰው መናገር በእኛ ባህል ከባድ ነው፤ ብዙው ዝምታም ያልተነገረ እምቢታ ነው። ጸሐፊዋ «ይቈየን» የሚለውን ቃል ራሷ አዘጋጅታ ስትሰጠው፥ ሰውየው ወዳጅነቱን ሳይቈርጥ ነገሩን ሊያሳርፍ ይችላል። ለሴትዮዋም ቢሆን ቶሎ የመጣ እምቢታ ከረጅም ዝምታ ይሻላታል፤ በርበሬው ለሌላ ደንበኛ ይሄዳልና።

ምልክቱንና ግልባጩን በተመለከተ

በዋትሳፕ የሚጻጻፉ አንባቢዎቻችን በመልእክቱ ሥር ስለሚታየው የጭረት ምልክት ብዙ ክርክር ያነሣሉ። አንድ ጭረት መልእክቱ ከላኪው መሄዱን እንጂ ከተቀባዩ ቴሌፎን መድረሱን አያመለክትም፤ የሰውየው ቴሌፎን ተዘግቶ ወይም መሥመር አጥቶ ሊሆን ይችላል። ሁለት ጭረት ደርሷል ማለት ነው። ሁለቱ ሰማያዊ ሲሆኑ መልእክቱ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ሆኖም ከፍቶ በጨረፍታ ማየትና አንብቦ ማሰብ አንድ አይደሉም። ይህን ምልክት እንዳይታይ አድርጎ የሚዘጋ ሰውም ስላለ ሰማያዊ አለመሆኑም ማስረጃ አይሆንም። አንድ ጭረት ብቻ ለብዙ ቀን ከታየ በዚያው መንገድ መደጋገም ዋጋ የለውም፤ በቴሌፎን ወይም በኢሜይል መሞከር ይገባል። ሰማያዊ ሆኖ ከታየ ደግሞ «እንዳነበቡት አይቻለሁ» ብሎ መጻፍ ፈጽሞ ሊደረግ የማይገባው ነው። ሰውን በመስኮት ሲመለከቱት ቈይተው እንደ መናገር ያህል ነው።

ከመሥሪያ ቤት ልማድ የመጣ አንድ ሌላ ችግርም አለ፤ እርሱም ግልባጭ ነው። በሁለተኛው ደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ፦ ለሥራ አስኪያጁ» የሚል መስመር ከተጨመረ፥ ከላይ ያለው ቃል ሁሉ ማር ቢሆን እንኳ ደብዳቤው ክስ ሆኗል። በጁባ ባለው ትንሽ የአገር ልጆች ማኅበር ውስጥም «እባክህ አንተ ንገርልኝ» ብሎ በሦስተኛ ሰው መላክ ወይም ብዙ ሰው በሚጻጻፍበት የቡድን ገጽ ላይ ስሙን ጠርቶ መጠየቅ እንደ ግልባጭ የሚቈጠር ነው። ጉዳዩ የሁለት ሰዎች እስከ ሆነ ድረስ ሁለተኛው ደብዳቤም በሁለት ሰዎች መካከል ይቈይ።

በቴሌፎን መደወል ያስፈለገ እንደ ሆነ ደግሞ ከሁለተኛው ደብዳቤ በኋላ አራት ወይም አምስት የሥራ ቀኖች ቢያልፉ መልካም ነው። ሲደውሉም «ደብዳቤዬ ደርሶዎታል?» ብሎ መጀመር ሰውየውን አዎን ወይም አይደለም ብሎ እንዲመሰክር ያስገድደዋል። ሰላምታው ካለቀ በኋላ «ስለ በርበሬው ለመነጋገር አሁን ይመችዎታል ወይስ ከሰዓት በኋላ ልደውል?» ማለት ግን ጉዳዩን ያነሣል፤ ያለፈውን ሳምንት ግን አያነሣም።

ዝምታው ቢቀጥልስ?

ጥር 5 ቀን አልፎ መልስ ካልመጣ ሦስተኛው ደብዳቤ መዝጊያ ይሆናል፤ እርሱም ሁለት መስመር ይበቃዋል። «ቀኑ ስለ ደረሰ በርበሬውን ለሌላ ደንበኛ አሳልፌዋለሁ። በሚያስፈልግዎ ጊዜ ቢጽፉልኝ የዚያን ጊዜውን ዋጋ በደስታ እልካለሁ።» በዚህ ላይ «ስላልመለሱልኝ» የሚል ቃል መጨመር አያሻም፤ ነገሩ ራሱ ይናገራል። ከዚያ በኋላ በዚሁ ጉዳይ አራተኛ አይጻፍም።

ይህ ሥርዓት የማይሠራባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ዕዳ ነው። ሰውየው ቀድሞ ለወሰደው ዕቃ ያልከፈለው ገንዘብ ካለ፥ የመጀመሪያው ማስታወሻ በዚሁ በለዘበ አነጋገር ሊጻፍ ይችላል፤ ነገር ግን ለእምቢታ በር አይከፈትበትም፤ የዕቃው ዝርዝር፥ የተላከበት ቀንና የቀረው ገንዘብ በግልጽ ይጻፍበታል። የዕዳውን ማስታወሻ ከአዲሱ ዋጋ ጋር በአንድ ደብዳቤ ማደባለቅም አይገባም፤ ሰውየው ዕዳውን እየፈራ አዲሱንም ሳይመልስ ይቀራልና።

ሁለተኛው የአደጋ ዝምታ ነው። ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. በጁባ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ ደግሞም በሐምሌ 2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ውጊያው በከተማው ውስጥ በተመለሰ ጊዜ፥ በአገር ቤት ያለው ቤተሰብ የዘመዱን ድምፅ ለመስማት ተጨንቆ ነበር። እንዲህ ባለ ሰዓት ሳምንት አይቈጠርም፤ የዋጋው ነገርም ይረሳል። የሚላከው መልእክት «ደኅና መሆንዎን ብቻ ያሳውቁን» የሚል ይሆናል። ካልተመለሰም ወደ ጎረቤቱ፥ ወደ ሥራ ባልደረባው፥ እንዲሁም በጁባ ወዳለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ መደወል ይገባል። በሦስተኛ ሰው መጠየቅ ነውር የማይሆንበት ጊዜ ይህ ነው።

በሰላሙ ቀን ግን ከሁለተኛው ደብዳቤ በኋላ መልሱ ብዙውን ጊዜ ይመጣል። ሰውየው «በርበሬው 60 ኪሎ ይሁን፤ ስለ ዘገየሁ ይቅርታ» ብሎ ቢጽፍ፥ ሴትዮዋ ምን ልትመልስ ይገባታል? «ምንም አይደለም፥ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው» ብትል በቀልድ መልክ የተቈጠረ ቀን ይሆናል። ከዚህ ይልቅ «መልእክትዎ ደርሶኛል፤ 60 ኪሎውን በፊታችን ሐሙስ በአውሮፕላን ጭነት እልካለሁ» ብላ ወደ ሥራው ብትገባ፥ ሰውየው በሚቀጥለው ጊዜ ለመመለስ አይፈራም።